ከምላስ ሥር የሚደረገው የልብ ክኒን ምንድን ነው? አምቡላንስስ መቼ ይጠራል?

ስሙ ግሊሰሪል ትራይናይትሬት ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ናይትሮግሊሰሪን በሚለው ስሙ ነው። በጣም ትንሽ ክኒን ነው። ውስጡ ያለው የመድኃኒት መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከአንድ ሚሊ ግራም ያንሳል። የሚታዘዘው አንጃይና ላለባቸው ሰዎች ነው። አንጃይና ማለት ልብን የሚመግቡት ደም ቧንቧዎች ጠበው፣ ልብ ሥራ ሲበዛበት በቂ ደም ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ የደረት ሕመም ነው። ደረጃ ሲወጡ፣ ሲቸኩሉ ወይም በጣም ሲናደዱ ይመጣል። አረፍ ሲሉ ይለቃል።

ስለዚህ ክኒን ብዙ የሚባል ነገር አለ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ክኒኑ ከምላስ ሥር ከገባ በኋላ ያሉትን 5 ደቂቃዎች። ሰዎች የሚጎዱት ክኒኑን ባለመውሰዳቸው ብቻ አይደለም። ወስደውት፣ ሕመሙ ሳይለቃቸው፣ «ትንሽ ልጠብቅ» እያሉ በሚያሳልፉት ጊዜም ይጎዳሉ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ክኒኑ የጠበበውን ቧንቧ አይጠርግም። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላል። (ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ሥሮች ላይ የሚሠራውን ሥራ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። መድኃኒቱ ግን ለአንጃይና መሰጠት የጀመረው ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት ነው።) በተለይ ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መላሽ ሥሮች ሲሰፉ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ልብ የሚገፋው ደም ሲቀንስ ድካሙም ይቀንሳል። የልብ የራሱ ቧንቧዎችም በመጠኑ ይከፈታሉ። ሕመሙ የሚለቀው ለዚህ ነው።

ከምላስ ሥር የሚደረገውም በምክንያት ነው። ክኒኑ ከተዋጠ በሆድ በኩል ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ደግሞ አብዛኛውን መድኃኒት ሥራውን ሳይጀምር ያጠፋዋል። ከምላስ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ግን መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ደም ያስገባዋል። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ኃይሉ ያልቃል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ሕመሙ ሲጀምር የያዙትን ሥራ ያቁሙ። ይቀመጡ። መቀመጡን አይናቁት፤ መድኃኒቱ የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ ቆመው የወሰዱ ሰዎች ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ። ከዚያ አንድ ክኒን ከምላስ ሥር አድርገው እስኪሟሟ ይተዉት። አይዋጥም፣ አይታኘክም። አፍዎ ደርቆ ከሆነ ክኒኑን ከማስገባትዎ በፊት በትንሽ ውኃ ያርጥቡት፤ በደረቅ አፍ ቶሎ አይሟሟም። ሰዓቱንም ይመልከቱ።

ራስ ምታት፣ ፊት ላይ ሙቀት፣ ትንሽ ማዞር የተለመደ ነው። ደም ሥሮች ሲሰፉ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ያልሟሟ ክኒን ካለ መትፋት ይቻላል፤ ራስ ምታቱን ይቀንሳል።

አሁን ወደ 5 ደቂቃው እንመለስ። አንድ ክኒን ወስደው 5 ደቂቃ ሲሞላ ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም ከባሰበት አምቡላንስ ይጥሩ። በአንዳንድ አገሮች የሚሰጠው መመሪያ ሁለተኛ ክኒን ወስዶ ሌላ 5 ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ይደወል ይላል። ሐኪምዎ ለእርስዎ ለይቶ የነገረዎት ካለ እሱን ይከተሉ። የተነገረዎት ነገር ከሌለ ወይም ከረሱት ግን በመጀመሪያው 5 ደቂቃ መደወልን እመርጣለሁ። በከንቱ የተጠራ አምቡላንስ ይመለሳል። ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ግን በየደቂቃው ይሞታል፤ አንዴ ከሞተ አይመለስም። ከደወሉ በኋላ እየጠበቁ ሳለ ሁለተኛውን ክኒን መውሰድ ይቻላል። ከ5 ደቂቃ በኋላም ሦስተኛውን። ከሦስት ግን አይታለፍም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የ62 ዓመት ሰው ነው እንበል። አንጃይና እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፣ ቁጭ ብሎ አንድ ክኒን ይወስዳል፣ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ይለቀዋል። የእሱ የተለመደ ሕመም ይህ ነው። አንድ ቀን ምሽት ደረጃ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ሕመሙ ጀመረው። ተቀመጠ፣ ክኒኑን ከምላሱ ሥር አደረገ፣ ሰዓቱን አየ። 1፡20 ይላል። 1፡23 ላይ ሕመሙ እንዳለ ነው። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይለቀው ነበርና ይህ ራሱ አንድ ምልክት ነው። 1፡25 ሆነ፤ ሕመሙ አልቀነሰም፣ ጭራሽ ወደ ግራ ክንዱ ወረደ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ምናልባት ክኒኑ ደክሞ ይሆናል፣ ሌላ ልውሰድና ጋደም ልበል» ማለት ነው። ይህን ያለ ሰው ሳያስበው ሁለት ሰዓት ሊሄድበት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ግን ወዲያው መደወል ነው። ሰውየው 1፡25 ላይ ደወለ። ከዚያ ሁለተኛውን ክኒን ወሰደ። ባለቤቱ በሩን ከፈተች፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ከረጢት ሰበሰበች። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ አስፒሪን አለርጂ እንዳለበትና ደም ፈሶት እንደሚያውቅ ጠየቀው። የለም ሲለው 300 ሚሊ ግራም አስፒሪን አኝኮ እንዲውጥ ነገረው። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰውየው ሦስት ነገር ይናገራል፦ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የወሰደውን የክኒን ብዛት፣ ሌሎች መድኃኒቶቹን። ራሱ መኪና ነድቶ ሆስፒታል ለመድረስ አልሞከረም። መንገድ ላይ የልቡ ምት ቢዛባ ማንም ሊረዳው አይችልም ነበርና።

በመካከል በጣም ቢያዞረው ወይም ሊስት ቢደርስስ? ተጨማሪ ክኒን አይወስድም። ይጋደማል፣ እግሩን ከፍ ያደርጋል፣ ይህንኑ ለባለሙያው ይነግራል።

5 ደቂቃውን እንኳ የማይጠብቁባቸው ጊዜዎች አሉ። ሕመሙ ከተለመደው የከፋ ወይም የተለየ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ከሳቱ፣ ካስመለሰዎት፣ ወይም ሕመሙ በእረፍት ላይ እያሉ ድንገት ከመጣ ወዲያው ይደውሉ። ክኒኑን እየወሰዱ መደወል ይቻላል። ሕመም ደግሞ ሁልጊዜ ደረት ላይ አይመጣም። በተለይ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ሰዎች መንጋጋቸውን፣ ጀርባቸውን ወይም የላይኛው ሆዳቸውን ሊያማቸው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣም ይችላል።

ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ሕመም አሞት የማያውቅ ሰው የሌላ ሰው ክኒን ተውሶ «እስቲ ይለቀው እንደሆነ» ብሎ መሞከር የለበትም። በቀጥታ ይደወልለት። ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ ይደረጋል፤ ግን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ክኒኑ የጉሮሮ ቧንቧ መኮማተርንም ያስታግሳል፤ ስለዚህ ለቀቀ ማለት የልብ ነበር ማለት አይደለም። ሃርት አታክ የያዘው ሰውም ለጊዜው ሊሻለው ይችላል፤ ስለዚህ ለቀቀ ማለት አደጋው አለፈ ማለትም አይደለም።

ወንዶች በግልጽ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰዱት ሲልዴናፊልና ቫርዴናፊል ከዚህ ክኒን ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ይጥሉታል። እነዚህን ከወሰዱ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 48 ሰዓት ሳያልፍ ክኒኑን አይውሰዱ። በዚያ መካከል ደረትዎን ካመመዎት ሳይወስዱ ይደውሉና ምን እንደወሰዱ ይንገሩ። ማፈር ሰው ይገድላል። ሐኪሙ ካላወቀ ራሱ ናይትሬት የሚባለውን ይህንኑ የመድኃኒት ዓይነት ሊሰጥዎት ይችላል።

ሕመሙ በአንድ ክኒን ቢለቅም ሁኔታው ሲቀየር ልብ ይበሉ። ድሮ በሳምንት አንዴ ይወስድ የነበረ ሰው አሁን በየቀኑ ከፈለገ፣ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይጀምረው የነበረ ሕመም አሁን ጥቂት እርምጃ ሲሄድ ከጀመረው፣ ቧንቧው ይበልጥ እየጠበበ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በመጨረሻ ስለ ብልቃጡ። ይህ መድኃኒት ይተናል። ፕላስቲክና ጥጥ ደግሞ ይመጥጡታል። ስለዚህ ከመጣበት የመስታወት ብልቃጥ አይወጣም፤ የሳምንት መድኃኒት በሚከፋፈልበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ ጥጥም አይጨመርበትም። ክዳኑ ወዲያው ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። የሱሪ ኪስ የሰውነት ሙቀት ስላለው አይመከርም፤ ቦርሳ ይሻላል። ብዙዎቹ ክኒኖች ብልቃጡ ከተከፈተ ከ8 ሳምንት በኋላ ይጣላሉ፤ ቆየት የሚሉም ስላሉ ወረቀቱን ያንብቡ ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ምላስ ላይ መቆጥቆጡ ክኒኑ ገና ኃይል እንዳለው አያረጋግጥም፤ የሚቆጠቁጥ የደከመ ክኒን አለ፣ የማይቆጠቁጥ ደህና ክኒንም አለ። ስለዚህ ብልቃጡን የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ይጻፉ። ቤት ውስጥ ላሉትም የት እንደሚቀመጥ ያሳዩአቸው።