የባሕር ዳር በጋና የኮንክሪት ወለል፦ ውሃ ያልጠጣ ሶሌታ ለምን ይቦናል?

ኪዩሪንግ ማለት የተሞላ ኮንክሪት ውሃው እንዳያመልጥበት ለቀናት ማርጠብ ወይም መሸፈን ነው። ግንበኞች "ማጠጣት" ይሉታል። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ቤት የሚሠራው በበጋ ነው፣ ማጠጣቱ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ይከራል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጣና በኩል ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ አጠገብ ስለሆንን እርጥበት አለ ብሎ መዘናጋት አያዋጣም፣ ነፋሱ የኮንክሪቱን ፊት ከፀሐዩ ባልተናነሰ ያደርቀዋል።

ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር እየተዋሃደ አሸዋውንና ጠጠሩን ያያይዛል፣ ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ውህደቱ ባለበት ይቆማል። ችግሩ መጀመሪያ የሚደርቀው የላይኛው ፊት መሆኑ ነው። የሶሌታው ሆድ እርጥበቱን ይዞ በደንብ ሲጠነክር፣ ከላይ ያሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች ልል ሆነው ይቀራሉ። የምንረግጠው፣ ዕቃ የምንጎትትበት፣ የምንጠርገው ደግሞ እነዚያኑ ነው። ስለዚህ ሴራሚክ ለማይነጠፍበት የሊሾ ወለል ጉዳቱ የከፋ ነው።

በቁጥር እንየው። ሽምብጥ አካባቢ በሚያዝያ 60 ካሬ ሜትር የምድር ወለል ይሞላል እንበል፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር። 6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ሲሚንቶ፣ በከረጢት 25 ሊትር ውሃ ብንይዝ በጠቅላላው 1,050 ሊትር ውሃ ገብቷል። በሞቃትና ነፋሻማ ሰዓት ከአንድ ካሬ ሜትር በሰዓት 1 ሊትር ያህል ሊተን ይችላል። ከዚህ ወለል በሰዓት 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ሙሉ ሄደ ማለት ነው! ከታች የሚወጣው ውሃ ይህን መተካት ሲያቅተው ፊቱ ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። አጭር አጭር ስንጥቆች በማለስለሱ መሃል ብቅ ሲሉ የምታዩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሙሌቱ ማለዳ ይጀመር። ከሥሩ ያለው ድንጋይና አፈር ውሃ እንዳይመጥጥ ቀድሞ ይርጠብ፣ ግን ውሃ አይቋጠርበት። ሲለሰልስ ውሃ ወይም ደረቅ ሲሚንቶ ከላይ መበተን ክልክል ነው። ውሃው ፊቱን ያቀጥነዋል፣ ሲሚንቶው በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለስልሶ አልቆ አሻራ የማይዝበት ደረጃ ሲደርስ ወዲያው ላስቲክ ይልበስ፣ ዳርና ዳሩ ላይ እንጨት ይጫንበት። ነፋስ ከሥር ከገባ መሸፈኑ ዋጋ የለውም።

በማግስቱ ወለሉ ጠንከር ስላለ ዙሪያውን በስስ ሞርታር ከፍ አድርጎ ውሃ ማቆር ይቻላል። ለ60 ካሬ 3 ሳንቲሜትር ውሃ 1,800 ሊትር፣ ማለትም 9 በርሜል ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቀላል ነው፤ በቀን 5 እና 6 ሚሊሜትር ቢተን ለመሙላት ሁለት በርሜል አይሞላም። ውሃ ከሌለ የረጠበ ጆንያ ዘርግቶ በላዩ ላስቲክ ማልበስም ይሠራል። ጆንያው ብቻውን ግን በዚህ ፀሐይ ቀትር ሳይደርስ ይደርቃል፣ አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ የሚከርም ፊት ደግሞ ይሰነጠቃል። ጠዋትና ማታ በባልዲ ረጭቶ መሄድ በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ቢያንስ 7 ቀን። ፖዞላና የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ያለበት ሲሚንቶ ከሆነ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ወደ 14 ቀን ቢገፋ ይሻላል። በተግባር የሚያበላሸው ቅዳሜ ተሞልቶ እሁድ ሰው የማይኖርበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ከሁሉም የሚበልጡ ናቸው። የሞላው ቡድን ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል፣ ውሃው የማን ኃላፊነት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ውሉ ላይ ማን እንደሚያጠጣና ስንት ቀን እንደሚያጠጣ ይጻፍ።

መጠጣት አለመጠጣቱን ከወር በኋላም ማወቅ ይቻላል። በመዳፍ ጠረግ አድርጉት፣ ነጭ ዱቄት ከወጣ ፊቱ ልል ነው። በምስማር ጫና ሳታበዙ ጫሩት። ጥሩ ወለል ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል፣ ያልጠጣው ላይ ግን ምስማሩ ይሰርጋል፣ አሸዋም ይረግፋል። እንዲህ ያለ ወለል በየቀኑ ቢጠረግም አቧራው አያልቅም። ወር ቆይቶ ውሃ ማፍሰስ ብዙም አይመልሰውም፣ ምክንያቱም የደረቀው ፊት ቀድሞ ክፍተት ክፍተት ሆኗል። መቦነኑ ቀለል ያለ ከሆነ ኮንክሪት የሚያጠነክር ፈሳሽ ይቀባል። ምስማር የሚሰርግበት ከሆነ ግን ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ልሉን ፍቆ እንደገና ሊሾ ማድረግ ነው፤ ያም አዲስ ሊሾ ውሃ ይፈልጋል።