የሥራ ውል ማቋረጫ አንቀጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማዳም በ5ኛው ቀን ‹ወር ሲሞላሽ ትሄጃለሽ› አለችኝ። በ15ኛው ግን ሻንጣዬን አስያዘችኝ። ውሉ ‹በማንኛውም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል› ስለሚል የሚገባኝ ነገር የለም፣ አይደል?»

እህቴ፣ የላክሽልኝ የውሉ ፎቶ ደርሶኛል። ያ ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ አያበቃም። ቀጥሎ «የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት፣ አለዚያም የጎደለውን ቀን ደመወዝ በመክፈል» ይላል። እንግዲህ እናስላው። ደመወዝሽ 1,200 ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 40 ይመጣል። የተሰጠሽ ማስጠንቀቂያ 10 ቀን ብቻ ነው። የጎደለው 20 ቀን 800 ነው። እስከ 15ኛው የሠራሽበት ደግሞ 600። ያልወጣሽው የ6 ቀን ፈቃድ 240 ይጨመርና 1,640 ይሆናል። ወደ አገር ቤት የመመለሻ ትኬቱ ከዚህ ውጪ ነው፤ እሱን በሌላው አንቀጽ እናየዋለን።

«ጥፋት አለብሽ ስላለችኝ የሠራሁበትንም አጣለሁ።»

ይሄ በጭራሽ አይሆንም። ከባድ ጥፋት፣ ለምሳሌ ስርቆት ወይም ድብደባ፣ ማስጠንቀቂያውን ሊያስቀር ይችላል። የሠራሽበትን ደመወዝ ግን አይበላም። ሳህን መስበር ከባድ ጥፋት አይባልም። «ያጠፋሁት ምንድን ነው? መቼ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በስልክ መልእክት ቢሆንም ይበቃል፤ መልሱን አታጥፊው።

«ፈርሚ ያሉኝን ፈርሜ ብገላገል ይሻላል።»

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ተጽፎ ይመጣል፦ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» እና «ሒሳቤን በሙሉ ተቀብያለሁ»። በመጀመሪያው ከፈረምሽ አሰናባቿ እሷ መሆኗ ይቀርና አንቺ ለቃቂ ትሆኛለሽ። ያኔ 800ው ይቀራል፤ እንዲያውም ማስጠንቀቂያ ያልሰጠሽው አንቺ ነሽ ተብሎ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ እጅሽ ሳይገባ ደረሰኝ ይሆንባታል። በማታነቢው ቋንቋ ከሆነ «አስተርጉሜ እፈርማለሁ» በይ። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ከሆነ አትፈርሚ። አስገድደው ካስፈረሙሽ ከፊርማሽ አጠገብ በአማርኛም ቢሆን የተቀበልሽውን ብር ልክ፣ ቀኑን እና «ቀሪ ሒሳብ አለኝ» የሚለውን ጻፊና ፎቶ አንሺው። ይህ ክርክሩን ባይጨርስልሽም ማስረጃ ይሆንሻል።

«ውሉ ከፈረሰ ሌላ ቤት ገብቼ ልሥራ።»

ቆይ! የሥራ ውል እና የመኖሪያ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ፈቃድሽ በእሷ ስም ከሆነ፣ ሳይዛወር ሌላ ቤት ስትገቢ «ጠፋች» ተብሎ ሊመዘገብብሽ ይችላል። ፓስፖርትሽን ግን መያዝ የለባትም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው 189ኛው ስምምነት፣ የቤት ሠራተኛ የጉዞ ሰነዷን ራሷ የመያዝ መብት እንዳላት ይናገራል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው።

አሁን ያለፉት ሦስት ወራት ደመወዝ የተከፈለበትን ማስረጃ እና የ5ኛው ቀን መልእክቷን ላኪልኝ። የክፍያ ጥያቄውን ደብዳቤ በእነሱ ላይ ተመሥርቼ አዘጋጅልሻለሁ።