ኤር ፎርስ ዋን፦ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ በፎቶ መለየት

ናይኪ ኤር ፎርስ ዋንን ለገበያ ያወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ንድፉ የብሩስ ኪልጎር ሲሆን መጀመሪያ ለቅርጫት ኳስ የታሰበ ጫማ ነበር። ዛሬ ሙሉ ነጩ የከተማ ጫማ ሆኗል፤ ፎርጅዱም እንደዚያው በዝቷል። በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ጫማውን በእጁ ሳይነካ ነው ብሩን የሚልከው። ስለዚህ የትኛውን ፎቶ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የካርቶኑ ሌብልና የጫማው ሌብል አብረው የሚታዩበት ፎቶ ነው። የጫማው ሌብል ከምላሱ በስተጀርባ የተሰፋው ትንሽ ጨርቅ ነው። ሁለቱም ላይ እንደ CW2288-111 ያለ ኮድ አለ። ከሰረዙ በፊት ያለው ሞዴሉን፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቀለሙን ይናገራል። በዚህ ሞዴል 111 ነጭ ነው፣ 001 ጥቁር።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ካርቶኑ CW2288-111፣ US 9፣ UK 8፣ EUR 42.5፣ CM 27 ይላል። ምላሱ ላይ ያለው ግን 315122-111፣ EUR 42፣ CM 27 ነው። ሁለቱንም ኮዶች ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጓቸው ነጭ ኤር ፎርስ ይመጣላችኋል፤ 315122-111 የቀድሞው ኮድ ነው። ሱቅ ውስጥ ካርቶን ሊቀያየር ስለሚችል የኮዱ አለመመሳሰል ብቻውን ፎርጅድ ነው አያሰኝም። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በናይኪ የወንዶች ልኬት 27 ሴንቲሜትር የ42.5 ነው፤ የ42 ደግሞ 26.5 ሴንቲሜትር ነው። ስህተቱ ያለው እዚያው ጫማው ላይ በተሰፋው ሌብል ውስጥ ስለሆነ በካርቶን መቀያየር አይሳበብም። እኔ ብሆን እዚህ ላይ አቆማለሁ፣ አልገዛም።

ሌብሉ ከተስማማ ደግሞ ገና አላለቀም። ፎርጅድ ሠሪ ትክክለኛ ሌብል ቃል በቃል መገልበጥ ይችላል። ያኔ ሶሉን ከሥር፣ ቀጥ ብሎ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ከእግር ጣቶች ትንሽ ወረድ ብሎ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ ክቦች አሉ። ተጫዋቹ በአንድ እግሩ ሲዞር እንዲያግዙት የተሠሩ ናቸው። ጫፉ ላይ ደግሞ ትንንሽ ኮከቦች አሉ። በደካማ ኮፒ ክቦቹ ይደበዝዛሉ፤ የኮከቦቹ ጫፍም ይዶለዱማል።

ስፌቱን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አስነሱ፤ ፍላሽ ነጭ ክርን በነጭ ቆዳ ላይ ያጠፋዋል። ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት የስፌት መስመሮች እስከ መጨረሻው እኩል ተራርቀው መሄድ አለባቸው። መርፌ ስቶ የተወው ባዶ ቀዳዳ ካለ ተጠራጠሩ። ያመለጠ አንድ ክር ወይም ትንሽ የማስቲሽ ጠብታ ግን ኦሪጅናሉም ላይ ይገኛል። በዚያ ብቻ ደህና ጫማ አትመልሱ።