የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ በጅማ እድሮች፦ የገቢና የወጪ ድምርን ለየብቻ የማነጻጸር ዘዴ

የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ማለት አንድ ማኅበር በራሱ መዝገብ የያዘውን የባንክ ገንዘብ ባንኩ ከሚሰጠው ስቴትመንት ጋር አመሳክሮ የልዩነቱን ምክንያት ማግኘት ነው። ዘመናዊ ባንክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው፤ ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው በዛሬው የጅማ እድር ገንዘብ ያዥ ሥራ ላይ፣ በተለይም ጥቂት ብር ብቻ የሆነ ልዩነት በሚፈለግበት መንገድ ላይ ነው።

ከድምሩ በፊት ሁለት ነገሮች መስተካከል አለባቸው። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። የእድሩ መዝገብ በኢትዮጵያ ወር ሲዘጋ ስቴትመንቱ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ቀን ይታተማል፤ ስለዚህ የኅዳር 2017 ዓ.ም. ሒሳብ የሚታረቀው ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 9 ቀን 2024 ባለው ስቴትመንት እንጂ በሙሉው የኖቬምበር ወር አይደለም። ሁለተኛው የዓምዶቹ ስያሜ ነው። ባንኩ የሚጽፈው ከራሱ ወገን ሆኖ ስለሆነ፣ በስቴትመንቱ ላይ ክሬዲት የተባለው ለእድሩ ገቢ፣ ዴቢት የተባለው ደግሞ ወጪ ነው፤ በእድሩ መዝገብ ውስጥ ያለው የባንክ ሒሳብ ግን በተቃራኒው ይያዛል።

የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። በሂርማታ አካባቢ ያለ አንድ እድር የኅዳርን ወር የጀመረው በ84,310 ብር ሲሆን በዚህ መነሻ ላይ መዝገቡና ባንኩ ይስማማሉ። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ 91,885 ብር፣ ስቴትመንቱ 91,875 ብር ያሳያሉ፤ ያልተመነዘረ ቼክም ሆነ ባንክ ያልደረሰ ገቢ የለም። ልዩነቱ 10 ብር ብቻ በመሆኑ የአገልግሎት ክፍያ ነው ብሎ መዝጋት ያጓጓል። ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ስቴትመንቱ ላይ የክፍያ መስመር ሳይኖር ክፍያ ብሎ መጻፍ ሌላ ስህተት መጨመር ነውና።

ይልቁንም የሁለቱን ገቢና ወጪ ለየብቻ ይደምራል። በመዝገቡ የወሩ ገቢ 46,850፣ ወጪው 39,275 ብር ነው። በስቴትመንቱ ደግሞ ገቢው 46,760፣ ወጪው 39,195 ብር ሆኖ ይገኛል። አሁን የነገሩ መልክ ይለወጣል፦ መዝገቡ በገቢ በኩል 90 ብር፣ በወጪ በኩል ደግሞ 80 ብር ይበልጣል። አንድ ትንሽ ስህተት የመሰለው 10 ብር፣ እርስ በርስ የተሸፋፈኑ ሁለት ስህተቶች ቀሪ ኖሯል። ቀሪ ሒሳቡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

90 ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል በቅድሚያ የሚጠረጠረው የአኃዝ መገለባበጥ ነው። የመቶና የአሥር ቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ በመካከላቸው ያለው ብልጫ በ90 ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ሁለት አኃዞች በአንድ የሚበላለጡበት ገቢ ይፈለጋል። በመዝገቡ 3,540 ተብሎ የሰፈረው መዋጮ በባንኩ 3,450 ነው። እዚህ ላይ ግን ማቆም አይገባም፤ አባላቱ በእርግጥ 3,540 ከፍለው ከሆነ 90 ብር ባንክ ሳይገባ ቀርቷል ማለት ነው። የሚለየው በደረሰኝ ጥራዙ ላይ የቀሩትን ቅጂዎች በመደመር ሲሆን፣ በዚህ ምሳሌ ድምራቸው 3,450 ስለሆነ ስህተቱ የአጻጻፍ ነው።

80 ለ9 አይካፈልም።  ስለዚህ ራሱ 80 ይፈለጋል። ከእጅ ገንዘብ ለድንኳን ጫኞች የተከፈለ 80 ብር በባንክ ወጪ ዓምድ ተጽፎ ይገኛል። ማረጋገጫው ካዝናው ውስጥ ነው፦ የእጅ ገንዘቡ ሲቆጠር ከመዝገቡ በትክክል 80 ብር ያንሳል።

የ9ን ፍንጭ አንዳንድ ሒሳብ ሠራተኞች እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል፤ ጥርጣሬን ከማመልከት ግን አያልፍም፣ ምክንያቱም ተራ የመደመር ስህተትም ለ9 ሊካፈል ይችላል። ዘዴው ራሱም ወሰን አለው። በአንዱ ዓምድ ውስጥ እኩል የሚጣፉ ሁለት ስህተቶች ካሉ ድምሩ ይስማማልና የሚገለጡት እያንዳንዱን መስመር በማመሳከር ብቻ ነው። ያልተመነዘረ ቼክ ሲኖር ደግሞ ከንጽጽሩ በፊት ከመዝገቡ የወጪ ድምር ላይ ይነሣል።

የተገኘው ስህተት አይፋቅም። 3,540 በአንድ መስመር ተሰርዞ ሳይጠፋ እንዲነበብ ይቀራል፣ 3,450 ከበላዩ ይጻፋል፣ 80 ብሩም ወደ እጅ ገንዘብ መዝገብ ይዛወራል፤ ገንዘብ ያዡና የሒሳብ ተቆጣጣሪው ቀኑን ጽፈው ከጎኑ ይፈርማሉ።