በትዕይንት ርዕስ ላይ የሰዓትና የብርሃን ማስታወሻ

በፊልም ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ትዕይንት በአንድ መስመር ርዕስ ይጀምራል። ርዕሱ፣ ትዕይንቱ የሚካሄደው ቤት ውስጥ ይሁን ውጭ፣ ቦታው የት እንደሆነና ሰዓቱ መቼ እንደሆነ ይናገራል። ልማዱ ሥር የሰደደው ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታ በቦታው እየተሰበሰበ መቀረጽ ሲጀምር ነው።

እኛ ኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም የትዕይንቶችን ተያያዥነት፣ የምንይዝ ሰዎች ከሁሉ አብልጠን የምንፈራት ቃል በሰዓቱ ቦታ የምትገባው «ቀጣይ» ናት። አንድ ምሳሌ እንይ፦

12. ውጭ – የቤቱ በር – አመሻሽ
13. ውስጥ – ሳሎን – ቀጣይ

ሲነበብ ምንም ችግር የለውም። ሴትዮዋ አመሻሽ ላይ በሩን ከፍታ ትገባለች፣ አለቀ። ቀረጻው ላይ ግን በሩ አንድ ቦታ ነው፣ ሳሎኑ ሌላ ቦታ። ሳሎኑ የሚቀረጸው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ያውም በጠዋት ነው እንበል። በዚያን ዕለት ፕሮግራም ላይ የወጣው ትዕይንት 13 ብቻ ነው። «ቀጣይ» የምን ቀጣይ? 12ን ገልጦ ያላየ ሰው መጋረጃውን ከፍቶ በጠዋት ብርሃን ይቀርጻል። ኤዲቲንግ ላይ ውጭው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ውስጡ ግን ፀሐይ የሞላበት ሆኖ ይገናኛል። የቀለም ባለሙያው ምስሉን ሊያጨልመው ይችላል። ወለሉ ላይ ያረፈውን ስለታም የመስኮት ጥላ ግን በቀላሉ አያጠፋውም። ስህተቱን የሚያጋልጠውም እሱ ነው።

መፍትሔው ርዕሱ ብቻውን እንዲቆም ማድረግ ነው፦

13. ውስጥ – ሳሎን – አመሻሽ (ቀጣይ) – የታሪክ ቀን 3

አሁን የመብራት ክፍሉ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የጠዋቱን ፀሐይ ከመስኮቱ ይከልላል፣ ከውጭ ለስላሳ ሰማያዊ ብርሃን ይልካል። የጠረጴዛው አምፖል ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ በብርሃን ቀለም መለኪያ ተራ የፊልም አምፖል 3200 ኬልቪን፣ የቀን ብርሃን ደግሞ 5600 ገደማ ነው፣ አመሻሽ ከዚያም ይበልጥ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። «የታሪክ ቀን» የቀረጻው ቀን አይደለም፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚኖሩበት ቀን ነው። ልብስና ፀጉርም የሚያዘው በእሱ ነው።

የታሪክ ቀኑን ቁጥር ማን ይጻፍ በሚለው ላይ አሠራሩ ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኮንቲኒዩቲ የሚይዘው ስክሪፕት ሱፐርቫይዘሩ ነው፣ አንዳንድ ጸሐፊዎችም ራሳቸው ያስገባሉ። አምፖሉ እንደበራ ርዕስ ላይ መጻፍ ግን ልክ አይደለም። ድርጊት ስለሆነ ቦታው ከርዕሱ በታች ነው፦ «አምፖሉን ታበራለች።» ካልተጻፈ አንዱ ሾት ላይ በርቶ ሌላው ላይ ጠፍቶ ይገኛል።

አመሻሽ ራሱ ውድ ሰዓት ነው። ውጭ ላይ የሚፈለገው ብርሃን እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሁለት ገጽ ንግግር ያለው የአመሻሽ ትዕይንት አንድ ምሽት አይበቃውም። ታሪኩ የግድ ካላለው «ማታ» ማለት ይሻላል።

ጽሑፉ ሲታረምም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ12 እና በ13 መካከል 12ሀ የሚባል የማታ ትዕይንት ከገባ፣ 13 ላይ ያለው «ቀጣይ» በዚያው ቀን መሰረዝ አለበት፣ ሰዓቱም እንደገና መታየት አለበት።