የመድኃኒት መጋጨት ምንድን ነው? ግሬፕፍሩት፣ የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት እና የኮሌስትሮል ክኒን

የኮሌስትሮል ክኒን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ «ግሬፕፍሩት እንዳትጠጣ» ይባላል። ለምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገረውም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ግሬፕፍሩቱን ይተዋል፤ ያንኑ ጉዳት ከዚያ በባሰ መልኩ ሊያመጣ የሚችለውን አንቲባዮቲክ ግን ሳያውቅ ይውጣል። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ሲምቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል ክኒን እንደ ምሳሌ እናንሳ። ከዋጥነው ውስጥ ሥራውን ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ወደ መላው የደም ዝውውር የሚገባው ከ5 በመቶ በታች ነው። ቀሪው የት ሄደ? አንዱ ትልቅ ምክንያት አንጀታችን ግድግዳ እና ጉበታችን ውስጥ ያለ ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም ነው። መድኃኒቱ ሲያልፍ እየያዘ ይሰባብረዋል። ሐኪሙ «40 ሚሊግራም» ብሎ ሲያዝ ይህ ብክነት ተሰልቶ ያለቀ ነው። ሰባሪው ኢንዛይም ሥራ ካቆመ ግን ያችው ክኒን ደም ውስጥ ስትደርስ ብዙ እጥፍ ትሆናለች። የሰውየው እጅ ምንም አላጠፋም፤ የዋጠው አንድ ክኒን ነው። ሰውነቱ የሚያየው ግን ሌላ መጠን ነው። እዚህ ላይ መጋጨት የምንለው ይህን ነው።

ግሬፕፍሩት ይህን እንደሚያደርግ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ዴቪድ ቤይሊ እና ባልደረቦቹ ፌሎዲፒን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ምን እንደሚሆን እያጠኑ ነበር። የአልኮሉን ጣዕም ለመደበቅ የግሬፕፍሩት ጭማቂ ቀላቀሉበት። የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ከጠበቁት በጣም በልጦ ተገኘ። ጥፋተኛው አልኮሉ ሳይሆን ጭማቂው ነበር። ይህን በ1989 ይፋ አደረጉ።

ፍሬው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ የአንጀቱን ኢንዛይም ለጊዜው አያዘናጉትም፤ ጨርሰው ያበላሹታል። አንጀት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ድረስ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። «ጭማቂውን ጠዋት እጠጣለሁ፣ ክኒኑን ማታ እውጣለሁ» የሚለው ዘዴ የማያዋጣው ለዚህ ነው። አንድ ብርጭቆ በቂ ነው፤ በየቀኑ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። የግሬፕፍሩት ዘመድ የሆነው ፖሜሎም ያው ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ገበያ ላይ የሚያገኙት ፖሜሊት የሁለቱ ድቅል ስለሆነ እሱንም መጠንቀቅ ይገባል። የተለመደው ጣፋጭ ብርቱካን እና መንደሪን ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ በከንቱ አትራቋቸው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ዘንድ ግሬፕፍሩት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ብዙ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ በጣም የተስፋፋ ነው። ከተለመዱት ሕክምናዎች አንዱ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊን እና ክላሪትሮማይሲን አንድ ላይ ነው። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የአንጀቱን ብቻ ሳይሆን የጉበቱንም ኢንዛይም አጥብቆ ይዘጋል። ሲምቫስታቲንን ደም ውስጥ ወደ 10 እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። አቶርቫስታቲንን ደግሞ ከ4 እጥፍ በላይ።

አንድ የ67 ዓመት አባት እናስብ። ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም ማታ ማታ ይወስዳሉ። ጨጓራቸውን አሟቸው ሌላ ክሊኒክ ሄዱ፤ በሰገራ ምርመራ ባክቴሪያው ተገኘ። ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለ14 ቀን ታዘዘላቸው። ፋርማሲ ላይ ልጅቷ «አባባ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ትላቸዋለች። «የለም ልጄ» ይላሉ። አልዋሹም። ለዓመታት የዋጧት የማታ ክኒን በእሳቸው ዘንድ መድኃኒት መሆኗ ቀርቶ እንደ እራት ሆናለች። «ማታ ማታ የሚውጧት ነገርስ?» ተብለው ቢጠየቁ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ሳምንት ሲያልፍ ጭናቸውና ትከሻቸው ይደቃቸዋል። ከወንበር ለመነሳት በእጃቸው መደገፍ ይጀምራሉ፤ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። «አንቲባዮቲኩ አደከመኝ» ብለው ያልፉታል። እዚህ ላይ ነው መንቃት ያለብን። የኮሌስትሮል ክኒኑ ጉዳት ጡንቻ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን፣ በትላልቆቹ ጡንቻዎች። ጉዳቱ ከጠና የጡንቻ ሕዋሶች ይፈርሳሉ፣ ይዘታቸው ደም ውስጥ ይፈስሳል። ኩላሊት ያንን ለማጣራት ሲታገል ሊዘጋ ይችላል። ሽንት እንደ ኮካ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ያ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ነገን አይጠብቅም። ሐኪም ሲኬ የተባለውን የደም ምርመራ ያዛል። ከመደበኛው ጣሪያ 10 እጥፍ ካለፈና ምልክቱም ካለ ነገሩ ከባድ ነው፤ ኩላሊትም አብሮ ይታያል።

ይህ የሁሉም ሰው ዕጣ አይደለም። በ2013 እዚያው ኦንታሪዮ ውስጥ በአረጋውያን ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። እነዚህን የኮሌስትሮል ክኒኖች ከክላሪትሮማይሲን ወይም ከዘመዱ ከኤሪትሮማይሲን ጋር የወሰዱት፣ ይህን ኢንዛይም የማይዘጋውን ሌላ ዘመዱን አዚትሮማይሲንን ከወሰዱት ይልቅ በጡንቻ መፍረስ ሆስፒታል የገቡበት አጋጣሚ በዛ። በቁጥር ግን ጥቂቶች ነበሩ። ዕድሜው የገፋ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑ ያነሰ፣ ወይም ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ ሰው የበለጠ ይጋለጣል።

የፈንገስ መድኃኒቶችም በዚሁ በር ይገባሉ። ኢትራኮናዞል እና ኪቶኮናዞል በክኒን መልክ ከሲምቫስታቲን ጋር ጨርሶ አይወሰዱም። ፍሉኮናዞል ለስለስ ይላል፤ ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ አያስጨንቅም። ለአፍ የሚሰጠው ሚኮናዞል ጄል ግን ስለሚዋጥ እንደ ቅባት አይቆጠርም።

ሁሉም የኮሌስትሮል ክኒን አንድ አለመሆኑ መልካም ዜና ነው። ሮሱቫስታቲን እና ፕራቫስታቲን በዋናነት በዚህ ኢንዛይም አይሰበሩም። ስለዚህ ግሬፕፍሩት አይነካቸውም፤ ከክላሪትሮማይሲንም ጋር ያላቸው ግጭት በጣም ያንሳል። የክኒናችሁን ስም ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ «የኮሌስትሮል» ማለት ብቻ አይበቃም።

ወደ አባታችን እንመለስ። ፋርማሲስቷ በጊዜ ብታውቅ ኖሮ ሐኪሙን ታነጋግር ነበር። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክላሪትሮማይሲኑ እስኪያልቅ ሲምቫስታቲኑ ይቆማል። የዚህ ክኒን ጥቅም በዓመታት የሚጠራቀም ስለሆነ ለብዙ ሰው የሁለት ሳምንት ክፍተት ጉዳቱ ትንሽ ነው። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለገጠመው ሰው ግን ሐኪሙ ከማቋረጥ ይልቅ ወደ ሮሱቫስታቲን ሊቀይር ይችላል። ወይም ባክቴሪያውን ክላሪትሮማይሲን በሌለበት ሕክምና ያክማል። አቶርቫስታቲን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። ክላሪትሮማይሲኑ ባለቀበት ዕለት ኢንዛይሙ ገና አላገገመም። ስለዚህ ሐኪሙ በሚወስነው መሠረት ጥቂት ቀን ይጠበቅና የማታዋ ክኒን ትቀጥላለች።