ጡረታውን ቆርሶ በአንዴ መውሰድ ወይስ ወርሃዊውን በሙሉ? ደሴ ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

«ከጡረታዬ 14,400 ፓውንድ በአንዴ ልውሰድ ወይስ ወርሃዊው በሙሉ ይምጣልኝ?»

ይህን የጠየቁኝ ጎረቤቴ ናቸው። ለንደን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል 15 ዓመት ሠርተው፣ 66 ዓመት ሲሞላቸው ጠቅልለው ደሴ ገብተዋል። ባለቤታቸው እዚሁ አሉ። ወረቀቱን ይዘው የመጡት ቡና ላይ ነበር። በረካው እስኪደርስ ድረስ የተሰበሰበው ሁሉ ሐሳቡን ሰጠ። አብዛኛው ስህተት ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና በማግስቱ ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው።

ወረቀቱ ላይ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በዓመት 6,000 ፓውንድ ነው፣ በወር 500 ማለት ነው። ሁለተኛው 14,400 ፓውንድ አሁን በእጅ፣ ከዚያ በወር 400 ነው።

«እኔም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስሠራ ኖሬያለሁ። የኔንም ግማሹን በአንዴ ስጡኝ ብዬ ልጠይቅ።»

አይሰጥም። በአገራችን የጡረታ ሕግ ይህ ምርጫ የለም። የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ዕድሜው 60 ሲደርስ የወር አበል ያገኛል። ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርስዎት የሚወስነው የአገልግሎት ዘመንዎ ነው።

ምርጫው የሚመጣው የጡረታ ፈንዱ ሌላ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የሠራ ሰው ከጡረታው እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በአንዴ መውሰድ ይችላል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሠራተኞችም ምርጫ አላቸው። ከዚህ በታች ያለው የእነሱን ይመለከታል።

«በወር የሚቀነሰው መቶ ፓውንድ ብቻ ነው። 14,400 በእጅ ሲገባ መቶ ምንድን ነው?»

ቡናው ላይ ሁሉም የተስማማው በዚህ ነበር። ነገሩ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ጡረታ የልውውጥ ዋጋው ቁርጥ ነው። በዓመት 1 ፓውንድ ከተዉ 12 ፓውንድ በአንዴ ይሰጥዎታል። ጎረቤቴ በዓመት 1,200 ሊተዉ ነው፤ በ12 ሲባዛ 14,400 ይሆናል። ስለዚህ በቀላሉ ሲታሰብ በ12 ዓመት ገንዘቡ ይካካሳል። ከ78 ዓመታቸው በኋላ የሚኖሩት እያንዳንዱ ወር ኪሳራ ነው።

ግን በቀላሉ አይታሰብም። ይህ ጡረታ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በእንግሊዝ የዋጋ ንረት ልክ ይጨመርለታል። የተዉት መቶ ፓውንድም መቶ ሆኖ አይቆይም ነበር። ጭማሪው በዓመት 2 ከመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 122 ይሆናል። ከሃያ ዓመት በኋላ 149 ይጠጋል። በዚህ ስሌት ማካካሻው ወደ 11 ዓመት ይወርዳል። እስከ 86 ዓመት ቢኖሩ የተዉት ድምር 29,000 ፓውንድ ገደማ ነው። 14,400 ለማግኘት 29,000 ሰጡ ማለት ነው።

«ታዲያ ዝም ብዬ አላስቀምጠው፣ እሠራበታለሁ» አሉኝ። ጥሩ ክርክር ነው። ያንንም አሰላነው። ሃያ ዓመት የሚኖሩ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከዋጋ ንረቱ በላይ በየዓመቱ አምስት ከመቶ ተኩል ገደማ ካላተረፈ ከወር ጡረታው ጋር እኩል አይሆንም። ከንረቱ በላይ የሚለውን ያስምሩበት። እዚህ አገር ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 ከመቶ ሆኖ ሲቆይ፣ በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። ባንክ የተቀመጠ ብር በዚያ ዓመት እየቀለጠ ነበር ማለት ነው። ሱቅ ወይም ኪራይ ቤት ያንን ያህል ሊያተርፍ ይችላል። ግን በ66 ዓመት ሱቅ የሚቆመው ማነው? ደግሞም እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈ ሱቅ ምን እንደሚመስል ማንም እንዲነግረን አንፈልግም። የወር ጡረታ ግን መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

«ብሩ እየወደቀ ነው። አሁኑኑ ወስዶ ቤት ላይ ማዋል ይሻላል።»

ብሩ መውደቁ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። ግን እስቲ ይህ ለማን እንደሚጠቅም እንየው። የወር ጡረታው የሚሰላው በፓውንድ ነው። ብሩ በወደቀ ቁጥር ያው 500 ፓውንድ ብዙ ብር ሆኖ ይመጣል። በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ፓውንዱን ሁሉ ዘርዝሮ ባንክ ያስገባ ሰውና በየወሩ ሲደርሰው የኖረ ሰው ጳጉሜ ላይ ቢገናኙ የሚያወሩት አንድ አይሆንም። የብሩ መውደቅ የሚደግፈው ወርሃዊውን ነው።

ቤቱን በተመለከተ አልከራከርም። መሬትና ቤት ከብሩ ጋር አብሮ አይወድቅም። ግን 14,400 ፓውንድ ቤት ይጨርሳል ወይስ ግድግዳ አቁሞ ያልቃል? ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ብረቱ ወደ ሰማይ ቀርቶ የዛገ ስንት ጅምር ቤት አለ! ገንዘቡ ቤቱን እስከ ቁልፍ የማያደርስ ከሆነ ኪራይም አያመጣም፣ ጡረታውም ተቀንሷል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ተመላሾች የሚያውቁት ዘግይተው ነው። እንግሊዝ ሁለት ጡረታ አለ። አንዱ የሥራ ቦታው ነው፣ እስካሁን ያወራነው። ሌላው የመንግሥቱ ነው። ለመንግሥቱ ጡረታ ሙሉ ለመሆን 35 ዓመት የተቆጠረ መዋጮ ይጠይቃል። ሙሉው በ2025/26 እ.ኤ.አ. በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር። ለጎረቤቴ 15 ዓመት ብቻ ስላላቸው በሳምንት 98 ፓውንድ ገደማ ይደርሳቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ጡረታ በየዓመቱ አይጨመርለትም፤ መከፈል በጀመረበት መጠን ይቆማል። ከሁለቱ እያደገ የሚሄደው የሥራ ቦታው ብቻ ነው። በአንዴ ልውሰድ ሲሉ የሚቆርሱትም እሱኑ ነው።

«በአንዴ የሚወሰደው ታክስ የለበትም። ወርሃዊው ግን ይታከሳል።»

የመጀመሪያው ትክክል ነው። ሁለተኛው እንደ ሰዉ ነው። የእንግሊዝ ዜጋ ውጭ አገር ቢኖርም በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ገቢው ላይ እዚያ ታክስ አይከፍልም። የጎረቤቴ የሥራ ቦታ ጡረታ 6,000 ነው። የመንግሥቱ በዓመት ሲሰላ 5,100 ገደማ ነው። ሲደመር ከጣሪያው በታች ነው። ስለዚህ ወርሃዊውም በእንግሊዝ ታክስ የለበትም። ነፃ የሆነን ነገር በሌላ ነፃ ነገር ለመለወጥ ታክስ ምክንያት አይሆንም። 30 ዓመት ሠርቶ ከጣሪያው በላይ ለሚያገኝ ሰው ግን ስሌቱ ይለወጣል። እሱ የሚተወው እያንዳንዱ ፓውንድ 20 ከመቶው በታክስ የሚሄድ ስለነበር፣ ማካካሻ ዓመቱ ይረዝምለታል።

«ነገ ብሞትስ? ገንዘቡ እዚያው ሊቀር ነው?»

ይህን የጠየቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው።

በዚህ ጡረታ ባል ወይም ሚስት በሕይወት ካሉ ከሟች ጡረታ ሲሶ ያህሉ ይቀጥልላቸዋል። የሚሰላውም በአንዴ የተወሰደው ከመቀነሱ በፊት ባለው ሙሉ መጠን ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ ቢወስዱም ባይወስዱም የባለቤታቸው ድርሻ አይነካም። ጡረታ በተወጣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሞት ቢመጣ ደግሞ ለቤተሰብ በአንዴ የሚከፈል ሊኖር ይችላል። ለአዋቂ ልጆች ግን ወርሃዊ የለም።

እንግዲህ ለማን ነው በአንዴ መውሰዱ የሚያዋጣው? ሐኪም ጤናህ የከፋ ነው ላለው፣ ወይም ወለዱ የሚያስጨንቅ ዕዳ ላለበት ሰው። ከ12 ወር በላይ አይኖርም ለተባለ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ጡረታውን በሙሉ ወደ አንድ ክፍያ ለመለወጥ ማመልከት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ የተለመደውን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ።

«ካልጣመኝ መልሼ ወደ ወርሃዊው እዞራለሁ።»

አይዞሩም። አንዴ ከተከፈለ አለቀ።

«ወይ 14,400 ነው ወይ ምንም።»

ይህን ያለ ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም እንዲያ እያሰበ ነበር የሚያወራው። እውነቱ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ምሳሌ ነው። ከፍተኛ ገደብ አለው፤ ለጎረቤቴ ወደ 25,700 ፓውንድ ይደርሳል። ከዚያ በታች የፈለጉትን መጠን መጻፍ ይችላሉ። ከ2000 ዓ.ም በፊት ሥራ የጀመሩ ሰዎች ደግሞ ሳይጠይቁም የዓመት ጡረታቸውን ሦስት እጥፍ በአንዴ የሚያገኙበት የቆየ ክፍል ስላለ የነሱ ወረቀት ሌላ መልክ አለው።

ጎረቤቴ የሚያስፈልጋቸውን በወረቀት ጻፉ። የቤቱ ጣሪያ ለክረምት መጠገን አለበት። የውኃ ታንከር ያስፈልጋል፤ ለደሴ ሰው ምክንያቱን መንገር አያሻም። ለጉዞ ከወንድማቸው የተበደሩት አለ። ተደመረ፤ 3,600 ፓውንድ ይበቃል። ለዚህ የሚተዉት በዓመት 300፣ በወር 25 ፓውንድ ነው። ወርሃዊው 475 ሆኖ ይቀጥላል። ቅጹ ላይ 3,600 ብለው ጻፉ።

ከዚያ የቀረው የአድራሻ ጉዳይ ነበር። ጡረታው ውጭ አገር ለሚኖር ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጥ ቅጽ ይላካል። ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። የሳቸው ፋይል ላይ ያለው አድራሻ ግን አሁንም የለንደኑ ነበር። ደብዳቤው እዚያ ሄዶ ወለል ላይ ሊቀመጥ ነው። ማክሰኞ ዕለት አብረን ደሴ ፖስታ ቤት ሄደን የፖስታ ሣጥን ተከራየን።